422 ካርድ አያስፈልግዎትም፦ የፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት አስተዛዘዝን ኦዲት ስለማድረግ

ጥያቄ፦ "በአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። የጥራት ክፍሉ ዘንድሮ ክሊኒካል ኦዲት እንድንሠራ ነግሮናል። እኔ የመረጥኩት ሳይኮሲስ ላለባቸው ታካሚዎች የሚታዘዘውን መድኃኒት ነው፤ ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት ዓይነት ይዘው ነው የሚሄዱት። በናሙና ቀመር 422 ካርድ ወጣልኝ። ስታንዳርዱን ሌላ ሆስፒታል ውስጥ ከተሠራ ጥናት ወስጄ የእኛን ከዚያ ጋር ላወዳድር ነው። ግቤ ሁለት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዜሮ እንዲሆን ነው። ዳግም ኦዲቱን ጊዜ ከተገኘ እናደርገዋለን። ዕቅዱ ልክ ነው?"

ርዕሱ ልክ ነው። የቀሩት አራት ውሳኔዎች ግን መቀየር አለባቸው። የናሙናው ቁጥር፣ ስታንዳርዱ፣ ዜሮው ግብና "ጊዜ ከተገኘ" የሚለው እንዳሉ ከቀጠሉ የሚወጣው ኦዲት ሳይሆን ጥናት ነው። ሪፖርት ይጻፋል፤ ታካሚው ግን ያንኑ ሦስት መድኃኒት ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከ422 እንጀምር። ይህን ቁጥር የመመረቂያ ጽሑፍ የሠራ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ስርጭቱ አይታወቅም ተብሎ 50 በመቶ ይያዛል፣ የ5 በመቶ ስሕተት ይፈቀዳል፣ 384 ይወጣል፣ ከዚያ ላይ 10 በመቶ ይጨመራል። ቀመሩ አንድ ነገር በሕዝብ ውስጥ ምን ያህል እንደተሰራጨ ለመገመት ጥሩ ነው። የእርስዎ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እርስዎ ማወቅ የሚፈልጉት ክፍሉ ማድረግ ያለበትን እያደረገ መሆኑን፣ ካላደረገም የት ላይ እንደሚስት ነው።

ለዚህ 80 ካርድ ይበቃል። ከ80ው ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ከአንድ በላይ መድኃኒት እየወሰዱ ቢገኙ፣ የክፍሉ እውነተኛ ቁጥር በ30 እና በ51 በመቶ መካከል ሊሆን ይችላል። ሰፊ ነው። ነገር ግን 30ም ይሁን 51 የሚወስዱት እርምጃ ያው ነው። ሌላውን ደግሞ በሰዓት ያስቡት። አንድ የአእምሮ ሕክምና ካርድ በደንብ ለማንበብ 12 ደቂቃ ቢወስድ 422 ካርድ ከ84 ሰዓት በላይ ይበላል፤ 80 ካርድ 16 ሰዓት ነው። ይህን ሥራ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የሚሠሩት። ብዙ ኦዲት ዳግም ዙሩ ላይ የሚሞተው የመጀመሪያው ዙር ሰውን ስለሚያደክም ነው።

ቀጥሎ ስታንዳርዱ። የሌላ ሆስፒታል ጥናት ውጤት ስታንዳርድ አይሆንም። እዚያ 40 በመቶ ሆኖ እናንተ ጋ 35 ቢሆን "እኛ እንሻላለን" ተብሎ ይጨበጨባል። ሁለቱም ክፍሎች ደካማ ሊሆኑ እንደሚችሉ ግን ንጽጽሩ አይነግርዎትም። ስታንዳርድ የሚወጣው ምን መደረግ እንዳለበት ከሚናገር መመሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኤምኤችጋፕ መመሪያ የ2016 እትም በአንድ ጊዜ አንድ ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት ብቻ እንዲታዘዝ ይላል። የብሪታንያው ናይስ በ2014 ያወጣው መመሪያም ሁለት መድኃኒት በቋሚነት አታጣምሩ ይላል፤ የሚፈቅደው ለአጭር ጊዜ፣ ለምሳሌ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚቀየርበት ወቅት ነው። ከሆስፒታላችሁ የሕክምና መመሪያ ጋር አስተያይታችሁ አንዱን ዋና ምንጭ አድርጉ። ሦስቱንም ቀላቅሎ ከየአንዳንዱ የሚመቸውን መምረጥ የለም።

ዜሮው ግብ የማይሆነው ከዚሁ የተነሳ ነው። የናይስ መመሪያ ራሱ ልዩ ሁኔታን ይፈቅዳል። መድኃኒት እየተቀየረለት ያለ ሰው ለተወሰኑ ሳምንታት ሁለት ይወስዳል፤ ይህ ትክክለኛ ሕክምና ነው። ሁለት መድኃኒት በተራ በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክሮለት ያልተሻለው፣ ክሎዛፒንም እንደልብ የማይገኝለት ሰውም አለ። ለእሱ ሐኪሙ አውቆ፣ ምክንያቱን ጽፎ ሊያጣምር ይችላል። ዜሮ ብለው ከተነሱ እነዚህን ሁሉ ጥፋተኛ ያደርጋሉ። ሐኪሞቹም በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ኦዲቱን ይጥሉታል፤ እውነት አላቸው።

ስለዚህ ስታንዳርዱ እንዲህ ይጻፍ፦ ማንኛውም ታካሚ በቋሚነት የሚወስደው አንድ ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት ነው፤ ከአንድ በላይ ከሆነ ወይ መቀየር ከተጀመረ 8 ሳምንት ያልሞላው ነው፣ ወይ ምክንያቱና የሚገመገምበት ቀን ካርዱ ላይ ሰፍሯል። 8 ሳምንቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ናይስ "አጭር ጊዜ" ይላል፤ ቁጥሩን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። መወሰን ያለበት ግን አንድም ካርድ ሳይከፈት በፊት ነው፤ ሐኪሞቹም፣ ነርሶቹም፣ ፋርማሲውም ባሉበት። የሚጠበቀውን ደረጃ 90 በመቶ አድርጉት። ልዩ ሁኔታዎቹ እንደ ተሟላ ስለሚቆጠሩ ይህ ሊደረስበት የሚችል ነው።

ከዚህ ሌላ ሦስት ብቻ ጨምሩ። አንደኛው የመድኃኒቶቹ ድምር መጠን ከተፈቀደው ጣሪያ አለማለፉ ነው። ሁለተኛው ክብደት፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ መለካታቸው ነው። መድኃኒቱን ገና ለጀመረ ሰው መመሪያዎቹ ከዚህ ይበልጥ የጠበበ ክትትል ይጠይቃሉ። ለነባር ታካሚ ግን ዓመታዊው ዝቅተኛው ነው፣ ከእሱ ጀምሩ። ሦስተኛው አርቴን ነው። ትራይሄክሲፌኒዲል ለሁሉም ሰው አብሮ እንዲጻፍ ኤምኤችጋፕ አይመክርም። የሰውነት መገታተርና መንቀጥቀጥ ሲመጣ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ ነው። ስታንዳርዱ "ከሦስት ወር በላይ አርቴን የወሰደ ሰው ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ አስፈላጊነቱ እንደገና ታይቷል" ይሁን። አራት ይበቃሉ። አምስተኛ፣ ስድስተኛ የሚጨምር ባልደረባ አይጠፋም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ያስቀምጥላችሁ።

ድምር መጠኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እያንዳንዱን መድኃኒት ለብቻው አይቶ "ከጣሪያው በታች ነው" ማለት አይበቃም። የተለመደው ስሌት የእያንዳንዱን መጠን ለጣሪያው አካፍሎ በመቶኛ ማስቀመጥ፣ ከዚያ መቶኛዎቹን መደመር ነው። ድምሩ ከ100 በመቶ ካለፈ ከፍተኛ መጠን ይባላል።

አንድ ካርድ እንውሰድ። ታካሚው ሃሎፔሪዶል 5 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ይወስዳል፤ በቀን 10 ነው። ማታ ክሎርፕሮማዚን 300 ሚሊ ግራም አለው። በየ4 ሳምንቱ ደግሞ ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት 25 ሚሊ ግራም ይወጋል። በኤምኤችጋፕ የሃሎፔሪዶል ጣሪያ በቀን 20 ስለሆነ 10ሩ 50 በመቶ ነው። ለክሎርፕሮማዚን እስከ 1000 ይፈቀዳል፤ 300ው 30 በመቶ ይሆናል። መርፌው በየሁለት ሳምንቱ እስከ 50 ይሰጣል። በ4 ሳምንት 25 መስጠት በሁለት ሳምንት 12.5 እንደማለት ነውና 25 በመቶ ይሆናል። ድምሩ 105 በመቶ፤ አልፏል። አንዱም መድኃኒት ለብቻው ከጣሪያው ግማሽ በላይ አልሄደም።

አሁን ያንኑ ካርድ በብሪታንያ ጣሪያ እናስላው። መርፌው እዚያ ገበያ ላይ በነበረበት ጊዜ ጣሪያው በሁለት ሳምንት 100 ሚሊ ግራም ነበር። የመርፌው ድርሻ ወደ 12.5 በመቶ ይወርዳል፣ ድምሩም 92.5 ይሆናል። ሰውየው ያው፣ መድኃኒቱ ያው፤ በአንዱ ወድቋል፣ በሌላው አልፏል። ሪስፔሪዶንም እንዲሁ ነው፦ በኤምኤችጋፕ ጣሪያው 10፣ በብሪታንያ 16 ነው። የትኛውን ጣሪያ እንደምትጠቀሙ ፕሮቶኮላችሁ ላይ በሰንጠረዥ ይጻፍ፣ በዳግም ኦዲቱም አይነካ የምለው ለዚህ ነው። የእኔ ምክር ኤምኤችጋፕን ያዙ ነው፤ እኛ አገር ያሉትን መድኃኒቶች አስቦ የተሠራ ነውና። ይህ ስሌት ስምምነት እንጂ ፋርማኮሎጂ እንዳልሆነም አይርሱ። 105 የደረሰ ሰው አደጋ ላይ ነው፣ 95 ያለው ደህና ነው ማለት አይደለም። ቆም ብሎ ለማየት የሚያስገድድ መስመር ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

ወደ መረጃ አሰባሰቡ እንሂድ። መጀመሪያ ማን ውስጥ እንደሚገባ ይወሰን፦ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ሌላ ሳይኮሲስ ተብሎ የተመዘገበ፣ ዕድሜው 18 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ባለፉት ስድስት ወራት ቢያንስ አንድ ጊዜ መድኃኒት የታዘዘለት። ዝርዝሩን ከተመላላሽ ክፍሉ መዝገብ አውጡ። በዕለቱ ክሊኒክ የመጣውን ሰው ካርድ እያነሱ መሙላት ቀላል ይመስላል፤ አታድርጉት። ቶሎ ቶሎ የሚመጣው የታመመው ሰው ነው፣ ናሙናውም ወደ እሱ ያጋድላል። ዝርዝሩ ላይ 640 ሰው አለ እንበል። 80 ለማግኘት ከየ8ቱ አንድ ይወሰዳል። መነሻውን በኤክሴል ዕጣ ያውጡ፦

```
=RANDBETWEEN(1,8)
```

5 ከወጣ 5ኛው፣ 13ኛው፣ 21ኛው እያለ ይቀጥላል። የወጣውን ቁጥር ወዲያው ይጻፉት፤ ፋይሉ በተነካ ቁጥር ቀመሩ አዲስ ቁጥር ያወጣል።

ካርድ ክፍል ሄደው ካርዱ ቢጠፋ ቀጥሎ ያለውን አንስተው አይተኩት። "ካርድ አልተገኘም" ብለው ይቁጠሩት። በብዛት የሚጠፋው ብዙ ቦታ የዞረ ካርድ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ችግሩ የከበደበት ሰው ነው። ከ80ው ከ10 በላይ ከጠፋ ያ ራሱ የመጀመሪያው ግኝታችሁ ነው።

ቅጹ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ስም አይጻፍበት፤ የኦዲት ቁጥር ብቻ ይኑረው። ቁጥሩን ከካርድ ቁጥር ጋር የሚያያይዘው ዝርዝር ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ። ካርድን በስልክ አንስቶ በቴሌግራም መላላክ እንደ ዋዛ እየተለመደ ነው። በአእምሮ ሕክምና ካርድ ላይ ይህ ፈጽሞ አይደረግም፤ ከመጀመራችሁ በፊት ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ በግልጽ ይነገር።

ቅጹ ላይ የሚያከራክሩት ጥቂት ነገሮች ናቸው፤ መልሳቸው ቀድሞ ይጻፍ። ሐኪሙ ሪስፔሪዶን ጽፎ ፋርማሲ ስላለቀበት ሃሎፔሪዶል ቢሰጥስ? ኦዲቱ የአስተዛዘዝ ስለሆነ የሚቆጠረው የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ የታዘዘው ነው። የተሰጠው የተለየ ከሆነ ግን በአንድ ዓምድ ይመዝገብ፤ በኋላ ብዙ ያስረዳችኋል። "ሲያስፈልግ" ተብሎ የተጻፈ መድኃኒትስ? ለብቻው ይመዝገብ፣ በቋሚው አይደመር። "ሃሎፔሪዶል 1 ፍሬ 2 ጊዜ" ተብሎ ጥንካሬው ካልተጻፈስ? ባለ 1.5 እና ባለ 5 ሚሊ ግራም ፍሬ ስላለ አይገመትም። "መጠኑ አይታወቅም" ይባላል፣ ከድምር መጠኑ ስሌት ይወጣል፣ ለብቻው ይቆጠራል። ቤተሰብ መጥቶ መድኃኒት የሚወስድለት ታካሚስ? አይውጣ። ክብደቱ ያልተለካው ስላልመጣ ቢሆንም አልተለካም። ግን "ቤተሰብ ነው የሚወስደው" የሚል ምልክት ይደረግበት፤ መፍትሔው ሌላ ስለሆነ።

የቀን ነገር የእኛ አገር ልዩ ወጥመድ ነው። የካርዱ ገጽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፣ ከላቦራቶሪ ማሽን የሚታተመው ወረቀት በፈረንጅ። "5/3" የሚል ቀን ኅዳር 5 ይሁን ማርች 5 ይሁን አይታወቅም። የ12 ወር ገደብ ስትቆጥሩ በዚህ ብቻ ካርዶች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይዘላሉ። ቅጹ ላይ ከቀኑ ጎን የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚመረጥበት ቦታ ይኑር። ኮምፒውተር ላይ ሲገባ ሁሉም ወደ አንዱ ይቀየር።

ከዚያ በ10 ካርድ ሙከራ አድርጉ። ሁለት ሰው ተለያይቶ አንዱን ካርድ ይሙላ፣ ከዚያ ያስተያዩት። የሚለያዩበት ቦታ የሰው ስንፍና ሳይሆን የትርጉም ክፍተት ነው፣ እዚያው ይደፈን። ሐኪሙ የራሱን ካርድ አይሙላ። ለፈቃዱ ደግሞ ኦዲቱን በጥራት ክፍሉ አስመዝግቡ። ውጤቱን በኋላ በመጽሔት ማሳተም ካሰባችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን አሁን፣ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ጣጣ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይያዝ። ካርድ እያነበባችሁ ማንም ያልተከታተለው በጣም ከፍ ያለ የደም ስኳር፣ ወይም አስጊ የሆነ የመድኃኒት መጠን ብታገኙ ሪፖርት እስኪጻፍ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ለማን እንደሚነገር ፕሮቶኮሉ ላይ ይስፈር።

ውጤቱ መጣ እንበል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተፈጠሩ ናቸው። ከ80ው 6 ካርድ አልተገኘም፣ 74 ተሞላ። 30 ሰው ከአንድ በላይ መድኃኒት ይወስዳል። ከእነሱ 5ቱ መድኃኒት እየተቀየረላቸው ነው፣ 8 ሳምንት አልሞላቸውም። ሦስቱ ምክንያትና የግምገማ ቀን ተጽፎላቸዋል። ስታንዳርዱን ያላሟሉት 22 ናቸው፤ ያሟላው 52 ከ74፣ 70 በመቶ ነው። ብዙ ኦዲት እዚህ ላይ ስላይድ ተሠርቶለት ያበቃል። ሥራው ግን ገና እዚህ ነው የሚጀምረው፦ 22ቱን ካርዶች እንደገና አውጥታችሁ እያንዳንዱ ሰው እንዴት እዚያ እንደደረሰ ታነባላችሁ።

በብዛት የምታገኙት መንገድ አራት ነው። መርፌ ሲጀመር የሚዋጠው መድኃኒት ለጥቂት ጊዜ አብሮ እንዲቆይ ይደረጋል፤ መቼ እንደሚቆም ግን አይጻፍም፣ በየሪፊሉ ይገለበጣል፣ ዓመት ይሞላዋል። ሁለተኛው ማታ እንቅልፍ እንዲሰጥ ተብሎ የተጨመረ ክሎርፕሮማዚን ነው። ሦስተኛው ቅያሪ ተጀምሮ መሐል ላይ የቆመ ነው፦ ታካሚው ሻል ሲለው ሐኪሙ ለመንካት ይፈራል፣ ወይም በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ሐኪም ያገኘዋል። አራተኛው የአቅርቦት ነው፦ የሚወስደው አልቆ ሌላ ተሰጠው፣ የመጀመሪያው ሲመጣ ሁለቱም ቀጠሉ። ከ22ቱ 11ዱ የመርፌው፣ 6ቱ የማታው ክሎርፕሮማዚን፣ 3ቱ የቆመው ቅያሪ፣ 2ቱ የአቅርቦት ሆኑ እንበል። አሁን ምን እንደሚደረግ ቁጥሩ ራሱ ተናገረ።

"ሥልጠና ይሰጥ" ብቻውን እርምጃ አይደለም። ሐኪሞቹ ሁለት መድኃኒት ማጣመር እንደማይመከር ያውቃሉ። የሚያስተው ሪፊሉ ነው። ስለዚህ ሪፊሉ ላይ ሥሩ። መርፌ ሲታዘዝ "የሚዋጠው የሚቆምበት ቀን" የሚል ቦታ ያለው ማኅተም ካርዱ ላይ ይመታ፤ ማኅተም ርካሽ ነው። ፋርማሲው ሁለት ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት ያለበት ማዘዣ ሲደርሰው ቀኑን ይጠይቅ፤ ይህ የእርስዎ ድርሻ ነው፣ ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ነዎት። ለክብደትና ለግፊት ደግሞ ሚዛኑና የግፊት መለኪያው ከሐኪሙ ክፍል ወጥተው ታካሚው ተራ የሚጠብቅበት ቦታ ይሁኑ፣ ነርሷ ትለካ። በአንድ ዙር ከሁለት ወይም ከሦስት ለውጥ በላይ አትጀምሩ። ውጤቱን ስታቀርቡም የሐኪም ስም አይጠራ። የራሱን ቁጥር የሚፈልግ ለብቻው ይሰጠው።

ከሁሉም በላይ የምፈራው አንድ ነገር አለ። ኦዲቱ 70 በመቶ ሲል አንዳንድ ሰው ተሽቀዳድሞ መድኃኒት ያቆማል። አይሆንም። ለዓመታት ሦስት መድኃኒት የወሰደን ሰው አንዱን በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ሊመልስ ይችላል። አርቴንም እንዲሁ በአንድ ጊዜ ከቆመ መንቀጥቀጡና መገታተሩ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ መቀነሱ ታካሚ በታካሚ፣ ከታካሚውና ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሮ፣ አንድ መድኃኒት ብቻ ቀስ እያሉ ነው፤ ቀጠሮውም ይቀራረብ። አንዳንዱ ሰው ሲታይ ሁለቱ ያስፈልጉታል። ምክንያቱ ይጻፍለት፣ ይቀጥል።

ዳግም ኦዲቱን "ጊዜ ከተገኘ" ካሉት አይገኝም። ቀኑና የሚሠራው ሰው ስም ዛሬ ይጻፍ፤ ዕቅዱ የሚጸድቅበት ገጽ ላይ። ሬዚደንትና ተለማማጅ ተማሪ ይቀያየራሉ፤ ባለቤቱ ቋሚ ሠራተኛ ይሁን። በበጀት ዓመቱ ውስጥ እንዲያልቅ ይህን እመክራለሁ፦ ስታንዳርዱ በመስከረም ይጽደቅ፣ ካርዱ በጥቅምት ይነበብ፣ ለውጡ በኅዳር ይጀምር፣ ዳግም ኦዲቱ በግንቦት፣ ሪፖርቱ በሰኔ። የስድስት ወሩ ልዩነት ያለምክንያት አይደለም። ታካሚዎቻችሁ በየአንድና በየሦስት ወሩ ነው የሚመጡት። ለውጡ እያንዳንዱን ሰው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሳያገኘው ብትለኩ የምትለኩት ድሮ የነበረውን ነው።

በዳግም ዙሩ ስታንዳርዱ፣ ቅጹ፣ የጣሪያው ሰንጠረዥና የናሙና አወጣጡ ያው ይሁኑ። ካርዶቹ ግን አዲስ ይውጡ። ያንኑ 74 ሰው መልሶ ማየት አያዋጣም፤ ስለ እነሱ በስብሰባ ተወርቷል፣ ከሌላው ታካሚ የተሻለ ትኩረት አግኝተዋል። 70 በመቶው ወደ 74 በመቶ ቢወጣ አትደሰቱ። በዚህ የናሙና መጠን የሦስትና የአራት ሰው ልዩነት ነው፣ ዕድል ሊሆን ይችላል። ወደ 85 ቢጠጋ ማመን ትጀምራላችሁ። ያኔም ሦስት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ በዚያ ወቅት ክሎርፕሮማዚን ከገበያ ጠፍቶ ነበር? ጠፍቶ ከነበረ ጥምረቱ የቀነሰው በእናንተ ሥራ አይደለም። ያ የተሰጠውን የሚመዘግበው ዓምድና የፋርማሲው ቢን ካርድ እዚህ ይጠቅማሉ። ሁለተኛ፣ የተሻሻለው ሕክምናው ነው ወይስ ጽሑፉ? ሁሉም ካርድ ላይ አንድ ዓይነት "ሕመሙ ስለከበደ" የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ጽሑፉ ነው። ለዚህ ሲባል ከአንድ በላይ የሚወስደውን ሰው ጥሬ ቁጥር፣ ያንን 30 ከ74፣ ልዩ ሁኔታውን ሳትቀንሱ ጎን ለጎን አስቀምጡት። ሦስተኛ፣ በስድስቱ ወራት ውስጥ በድንገተኛ የመጣውና እንደገና የተኛው ታካሚ ቁጥር ጨምሯል? ከጨመረ መድኃኒቱ የተቀነሰው በጥድፊያ ነው፤ 85ቱ በመቶ ስኬት ተብሎ ከመቅረቡ በፊት የእነዚያ ሰዎች ካርድ አንድ በአንድ ይታይ።

ውሳኔዬን ከጠየቁኝ፦ 422ቱን ይተዉት፣ 80 ካርድ፣ አራት ስታንዳርድ፣ የኤምኤችጋፕ ጣሪያ፣ 90 በመቶ ግብ። የግንቦቱ ዙር ቀንና ባለቤት ካልተጻፈ ደግሞ የጥቅምቱን አይጀምሩት።